ቁጥር 42 የት ገባ?

በኢቴሪየም ላይ ገንዘብ የሚያንቀሳቅስ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ቀን ይህ ይገጥመዋል። ዋሌቱ «ፔንዲንግ» ይላል። አምስት ደቂቃ ያልፋል፣ አንድ ሰዓት ያልፋል፣ ይነጋል፤ ያው «ፔንዲንግ» ነው። ባለቤቱ ክፍያ ይጨምራል፤ ለውጥ የለም። ሊሰርዘው ይሞክራል፤ መሰረዣውም ራሱ «ፔንዲንግ» ሆኖ ከሌሎቹ ጋር ይደረደራል። በዚህ ጊዜ አብዛኛው ሰው ኔትወርኩን ይረግማል። ኔትወርኩ ግን እንደ ወትሮው በየ12 ሰከንዱ አዲስ ብሎክ እየጨመረ የሌላውን ሰው ጉዳይ ያስፈጽማል። የተቆለፈው የዚያ ሰው ሂሳብ ብቻ ነው። ምክንያቱም ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፤ ከላካቸው ትእዛዞች መካከል አንድ ቁጥር ጎድሏል።

ኢቴሪየም እ.ኤ.አ. በጁላይ 2015 ሥራ ከጀመረ አንስቶ ከአንድ ሂሳብ የሚወጣ እያንዳንዱ ትራንዛክሽን ኖንስ የሚባል ተራ ቁጥር ይይዛል። ቁጥሩ የሚጀምረው ከዜሮ ነው፤ ስለዚህ እስካሁን 42 ትእዛዞችን ያስፈጸመ ሂሳብ ከ0 እስከ 41 ያሉትን ቁጥሮች ጨርሷል ማለት ነው፤ ተረኛው 42 ነው። መዝለል የለም፣ መድገምም የለም። ባንክም ቼኮቹን ቁጥር ይሰጣቸዋል፤ ነገር ግን ገንዘብ ከፋዩ «42ኛው ቅጠል ካልመጣ 43ኛውን አልመነዝርም» አይልም። ኢቴሪየም ይላል።

ግትርነቱ ያለ ምክንያት አይደለም። በኢቴሪየም ላይ የተፈረመ ትእዛዝ ምስጢር አይደለም፤ ማንም ያየዋል፣ ማንም ቀድቶ ሊያስቀምጠው ይችላል። ተራ ቁጥር ባይኖረው ኖሮ 1 ኢተር የተላከለት ሰው ያንኑ የተፈረመ ትእዛዝ እየደጋገመ ወደ ኔትወርኩ እየወረወረ የላኪውን ሂሳብ ባዶ ማድረግ በቻለ ነበር። ቁጥሩ አንዴ ሥራ ላይ ከዋለ ግን ያ ፊርማ ለዘላለም ያበቃለታል። ሁለተኛው ምክንያት ቅደም ተከተል ነው። ስማርት ኮንትራት የሚጠቀም ሰው ብዙ ጊዜ ሁለት ትእዛዝ ያከታትላል፤ በመጀመሪያው ኮንትራቱ ቶክኑን እንዲነካ ይፈቅዳል፣ በሁለተኛው ያስመነዝራል። ሁለተኛው ቀድሞ ቢደርስ ኮንትራቱ ፈቃድ ስለማያገኝ ይከሽፋል።

አንድ ነገር እዚህ ላይ ማስታወስ ይጠቅማል። ቆጠራው ለየሰንሰለቱ የራሱ ነው። ያው አንድ አድራሻ በኢቴሪየም ላይ 42 ላይ ሊሆን፣ በፖሊጎን ላይ ገና 3 ላይ ሊሆን ይችላል። አንዱ ላይ የተፈጠረ ክፍተት ሌላውን አይነካም።

የተፈረመ ትእዛዝ በቀጥታ ብሎክ ውስጥ አይገባም። መጀመሪያ የሚያርፈው ኔትወርኩን በሚያንቀሳቅሱት ኮምፒውተሮች፣ ማለትም በኖዶቹ፣ መጠባበቂያ ውስጥ ነው፤ ባለሙያዎቹ ሜምፑል ይሉታል። ብዙ ሰው ሜምፑልን አንድ ትልቅ የጋራ አዳራሽ አድርጎ ያስበዋል። እንደዚያ አይደለም፤ እያንዳንዱ ኖድ የራሱ አለው፣ የአንዱ ይዘትም ከሌላው ይለያል። ጌዝ የተባለው ብዙ ኖዶች የሚሠሩበት ፕሮግራም ደግሞ መጠባበቂያውን ለሁለት ይከፍለዋል። በአንደኛው ወገን ተራቸው የደረሰና ዛሬውኑ ብሎክ ውስጥ ሊገቡ የሚችሉ ትእዛዞች አሉ፤ ይህ `pending` ይባላል። በሌላኛው ወገን ከፊታቸው ቁጥር ስለጎደለ ምንም ያህል ቢከፍሉ የማይንቀሳቀሱት ይቀመጣሉ፤ ይህ `queued` ነው። የተራው ተጠቃሚ መከራ የሚጀምረው ዋሌቶች ይህን ልዩነት ስለማያሳዩት ነው። ለሁለቱም የሚሰጡት ስም አንድ ነው፤ «ፔንዲንግ»።

ነገሩን በምሳሌ ማየት ይሻላል። አንዲት የግራፊክስ ባለሙያ ደመወዟን በኢቴሪየም ላይ በዩኤስዲሲ ትቀበላለች እንበል። ሂሳቧ 42 ላይ ደርሷል። ማታ ላይ ሦስት ትእዛዝ አከታትላ ትልካለች። በ42 ለሥራ ባልደረባዋ 0.05 ኢተር ትልካለች፤ አትቸኩልምና የክፍያውን ጣሪያ 2 ጊዌይ ብቻ አድርጋዋለች። በ43 አንድ የመመንዘሪያ ኮንትራት ዩኤስዲሲዋን እንዲያንቀሳቅስ ትፈቅዳለች፣ በ44 ምንዛሪውን ታዛለች። እነዚህ ሁለቱ እንዲፈጥኑላት ስለፈለገች ጣሪያቸውን 25 ጊዌይ አድርጋለች።

የላከችበት ሰዓት ላይ የኔትወርኩ መነሻ ክፍያ 2 ጊዌይ ገደማ ነበር። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2021 ለንደን የተባለው ማሻሻያ ከገባ ወዲህ ይህን መነሻ የሚወስነው ራሱ ሥርዓቱ ነው፤ ብሎኮች ሲሞሉ ይጨምራል፣ ሲጎድሉ ይቀንሳል። በአንድ ብሎክ ከ12.5 በመቶ በላይ አይወጣም፤ ይህ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ብሎኮቹ ጢም ብለው ከቀጠሉ በ20 ብሎክ፣ ማለትም በአራት ደቂቃ ውስጥ፣ ክፍያው አሥር እጥፍ ይሆናል። በዚያ ማታ የሆነው ይኸው ነው፤ 2 የነበረው 20 ደረሰ። የ42 ጣሪያ 2 በመሆኑ ማንም ብሎክ ውስጥ ሊያስገባው አይችልም። ኖዶቹም መጠባበቂያቸው ሲጨናነቅ ትንሽ የሚከፍለውን ያራግፋሉ፤ 42 ተራገፈ። 43 እና 44 ጥሩ ይከፍላሉና አልተጣሉም። ከፊታቸው ያለው ቁጥር ስለጠፋ ግን ከተረኞቹ ወገን ወደ `queued` ወረዱ። ነገ ክፍያው ተመልሶ 2 ቢገባ እንኳ ለውጥ የለም፤ ሰዓቱን ጠብቆ የሚገባ 42 በኖዶቹ ዘንድ አሁን የለም።

ክፍተት በሌላም መንገድ ይፈጠራል። አንዱን የምስጢር ቃል በስልክም በኮምፒውተርም የከፈተ ሰው ሁለቱ ዋሌቶች ቆጠራቸው ሊፋለስበት ይችላል። ከሁሉ በላይ ግን ተጠቂዎቹ ፕሮግራም ጽፈው በአንድ ጊዜ ብዙ ትእዛዝ የሚልኩ ሰዎች ናቸው። ፕሮግራሙ ቁጥሩን በራሱ ይቆጥራል፤ ኖዱ አንዱን ትእዛዝ ገና ሲመጣ ውድቅ ያደርገዋል፤ ፕሮግራሙ ያንን ሳያስተውል ወደ ቀጣዩ ቁጥር ያልፋል። ከዚያ በኋላ የሚላከው ሁሉ `queued` ውስጥ ይከማቻል። ጌዝ ሲተከል በተሰጠው ልክ ከአንድ ሂሳብ 64 ብቻ በዚያ ወገን ያስቀምጣል፣ ለሦስት ሰዓት ያህል ካልተንቀሳቀሱም ይጥላቸዋል። ይህ ማለት ክፍተቱ በቶሎ ካልተዘጋ ከኋላው ያሉትም አንድ በአንድ ሌላ ክፍተት ይሆናሉ።

ወደ ባለሙያዋ እንመለስ። ጠዋት ዋሌቷን ስትከፍት ሦስቱም «ፔንዲንግ» ናቸው። የምትፈልገው ምንዛሪው ስለሆነ 44ን ተጭና «አፋጥን» ትላለች፣ ጣሪያውን ወደ 60 ታወጣለች። ምንም የለም። ሊኖርም አይችልም፤ 44 የጎደለው ገንዘብ አይደለም። መጠገን ያለበት ምንጊዜም ያልተፈጸመው ዝቅተኛ ቁጥር ነው። ይህን አለማወቅ ብዙ ሰው ሰዓታት የሚያባክንበት ስህተት ነው፤ ጥፋቱ ግን የተጠቃሚው ብቻ አይደለም፣ «አፋጥን» የሚለውን ቁልፍ ሊሠራ በማይችልበት ትእዛዝ ላይ የሚያሳየው ዋሌትም ድርሻ አለው።

ከምንም በፊት መለየት ያለበት ሁለት ዓይነት በሽታ አለ። አንደኛው፣ 42 በመጠባበቂያው ውስጥ አለ፣ ግን ትንሽ ስለከፈለ ቆሟል። ሁለተኛው፣ 42 ጭራሹኑ የለም። ከውጭ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ፤ ለይቶ የሚያውቀው ለኖዱ ሁለት ጥያቄ ማቅረብ ነው። ፋውንድሪ የተባለውን የገንቢዎች መሣሪያ የጫነ ሰው እንዲህ ይጠይቃል፦

```
cast nonce "$ADDR" --block latest  --rpc-url "$RPC"
cast nonce "$ADDR" --block pending --rpc-url "$RPC"
```

የመጀመሪያው መስመር ብሎክ ውስጥ የገባውን ብቻ ይቆጥራል። ሁለተኛው በመጠባበቂያው ውስጥ ተራቸው ተከታትሎ የተቀመጡትንም ይጨምራል። መልሱ 42 እና 45 ከሆነ ሦስቱም በሰልፍ ላይ ናቸው፤ የቸገረው ክፍያ ነው። ሁለቱም 42 ካሉ፣ ዋሌቱ ደግሞ 43 እና 44ን ልኬአለሁ እያለ ከሆነ፣ ክፍተት አለ። ኖዱ ቆጠራውን የጎደለው ቁጥር ላይ ስለሚያቆም ከዚያ ወዲያ ያሉትን በመልሱ ውስጥ አያስገባቸውም።

ትእዛዝ መጻፍ የማይወድ ሰው በኢተርስካን ድረ ገጽ ያንኑ ማየት ይችላል። የራሱን አድራሻ አስገብቶ መጨረሻ የተፈጸመውን የላከውን ትእዛዝ ይከፍታል፤ በዝርዝሩ ውስጥ `Nonce` የሚል መስመር አለ። እዚያ 41 ካለ ቀጣዩ 42 ነው። ቀጥሎ ዋሌቱ ለ42 የሰጠውን መለያ፣ ሀሽ የሚባለውን ረጅም ኮድ፣ ቀድቶ ይፈልጋል። ገጹ «ሊገኝ አልቻለም» የሚል መልስ ከሰጠ ትእዛዙ ከመጠባበቂያው ወጥቷል፤ ካልሆነም መጀመሪያውኑ አልደረሰም። እዚህ ላይ ግን አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እንደ ፍላሽቦትስ ፕሮቴክት ባሉ የግል መስመሮች የተላከ ትእዛዝ ሆን ተብሎ ከሕዝብ ዓይን ስለሚደበቅ በሌላ ኖድ ሲታይ የጠፋ ይመስላል። በዚያ መንገድ የላከ ሰው ምርመራውንም መሰረዙንም ማካሄድ ያለበት በዚያው መስመር ነው።

በሽታው ክፍያ ብቻ ከሆነ መድኃኒቱ ቀላል ነው። ያንኑ ትእዛዝ በዚያው ቁጥር፣ በላቀ ክፍያ እንደገና መፈረም። ኖዱ ሁለት 42 ሲያይ አሮጌውን ጥሎ አዲሱን ይይዛል። ግን በነጻ አይደለም፤ ጌዝ አዲሱ ቢያንስ በ10 በመቶ እንዲበልጥ ይጠይቃል፣ ያውም በሁለቱም በኩል። ጣሪያው 20 ጊዌይ፣ ለብሎክ አዘጋጁ የሚሰጠው ጉርሻ 1 ጊዌይ ከነበረ፣ አዲሱ ከ22 እና ከ1.1 ማነስ የለበትም። ጣሪያውን ወደ 80 አውጥቶ ጉርሻውን 1 ላይ የተወ ሰው `replacement transaction underpriced` የሚል መልስ ያገኛል፤ «ይኸው አራት እጥፍ ጨምሬ ምን ቀረ?» ብሎ መናደዱ አይቀርም። የቀረው ያቺ ነጥብ አንድ ናት።

ደግሞም 10 በመቶ ኖዱ እንዲቀበል የሚያበቃ እንጂ ብሎክ ውስጥ የሚያስገባ አይደለም። የኔትወርኩ መነሻ 30 ከሆነ 22 ተቀባይነት አግኝቶ እንደገና ይቀመጣል። ስለዚህ ጣሪያውን ከወቅቱ መነሻ እጥፍ ያህል ማድረግ ይሻላል። ጣሪያ የሚከፈል ዋጋ አይደለም፤ የሚከፈለው የገባበት ብሎክ መነሻና ጉርሻው ነው፣ ትርፉ ከሂሳቡ አይነካም። ሆኖም ጣሪያው በጋዙ መጠን ተባዝቶ ሲሰላ የሚመጣው ኢተር በሂሳቡ ውስጥ መኖር አለበት። በዩኤስዲሲ ወይም በዩኤስዲቲ የሞላ፣ ኢተር ግን የሌለው ሂሳብ ምንም ማስተካከል አይችልም፤ መጀመሪያ ከሌላ ቦታ ጥቂት ኢተር ይላክለት።

በወቅቱ ያልተተካ ትእዛዝ ምን ያህል እንደሚያስከፍል የኢቴሪየም ታሪክ ራሱ መዝግቧል። እ.ኤ.አ. ማርች 12 ቀን 2020 የኢተር ዋጋ በአንድ ቀን ከሲሶ በላይ ሲወድቅ ሜከርዳኦ በተባለው የብድር ሥርዓት ውስጥ የተያዙ መያዣዎች ለጨረታ ወጡ። ጨረታውን ይጫረቱ የነበሩት አውቶማቲክ ፕሮግራሞች ነበሩ። የጋዝ ዋጋ ሲተኮስ የብዙዎቹ ትእዛዝ መጠባበቂያ ውስጥ ቀረ። ተፎካካሪ ያጡ ጥቂት ተጫራቾች ዜሮ ዋጋ ሰጥተው አሸነፉ፤ 8.32 ሚሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ ኢተርም በነጻ ተወሰደ።

ክፍተቱን መዝጋት ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ልብ የሚጠይቀውም እዚህ ላይ ነው። ባለሙያዋ 42ን ከሞላች 43 እና 44 በዚያው ቅጽበት ይነቃሉ። ምናልባትም ሦስቱም በአንድ ብሎክ ይገባሉ። ይህ የምትፈልገው ከሆነ መልካም ነው። ግን 44 ትናንት ማታ የታዘዘ ምንዛሪ ነው፤ ዋጋው ከዚያ ወዲህ ተለዋውጧል። ብዙዎቹ የመመንዘሪያ ኮንትራቶች የጊዜ ገደብና ዝቅተኛ ዋጋ ስለሚያስቀምጡ ያረጀው ትእዛዝ ይከሽፍ ይሆናል፤ ቢከሽፍም የጋዙ ገንዘብ ይከፈላል፣ ቁጥሩም ይበላል። ገደቡ የላላ ከሆነ ደግሞ በማትፈልገው ዋጋ ይፈጸማል። 43ም ቢሆን ለኮንትራት የተሰጠ ፈቃድ ነው፤ ሐሳቧን ለውጣ ከሆነ ሳታስበው ፈቃዱ ይጸናል።

ስለዚህ ትክክለኛው አካሄድ ከኋላ ወደ ፊት ነው። 44 ተኝቶ ሳለ በሌላ 44 ይተካል። መተኪያው ራሷ ለራሷ የምትልከው ዜሮ ኢተር ነው፤ በብዙ ዋሌቶች ላይ «ሰርዝ» የሚለው ቁልፍ የሚሠራው ይህንኑ ነው፣ ሌላ ተአምር የለውም። ትናንት ማታ 25 የነበረውን ዛሬ ጠዋት ወደ 60 ስላወጣችው መተኪያው ቢያንስ 66 ጣሪያ ይፈልጋል፤ ጉርሻውም እንዲሁ ከበፊቱ በ10 በመቶ ይበልጥ። ያ የጠዋቱ ማፋጠን ያመጣው ትርፍ እንግዲህ ይህ ነው፤ መሰረዙን አስወደደባት። 43ንም ካልፈለገችው እንደዚያው ታደርጋለች። ሁለቱም መተኪያዎች በ`queued` ውስጥ ያለ እንቅስቃሴ ይቀመጣሉ። ይህ ካለቀ በኋላ ብቻ 42 ይሞላል።

በትእዛዝ መስመር የ42 መሙያ ይህን ይመስላል፦

```
cast send "$ADDR" --value 0 --nonce 42 \
  --gas-price 40gwei --priority-gas-price 2gwei \
  --rpc-url "$RPC" --account mywallet
```

በሜታማስክ የሚሠራ ሰው በሴቲንግስ ውስጥ የላቁ አማራጮች ወደሚገኙበት ክፍል ገብቶ `Customize transaction nonce` የሚለውን መክፈት ይችላል፤ ስሙና ቦታው እንደ ሥሪቱ ይለያያል። ከዚያ በኋላ ማረጋገጫው ገጽ ላይ ቁጥር የሚጻፍበት ቦታ ይመጣል። ዋሌቱ በራሱ 45 ብሎ ይሞላዋል፤ አጥፍቶ 42 መጻፍ ነው። ተቀባዩ የራስ አድራሻ፣ መጠኑ 0። እንዲህ ያለ ባዶ ዝውውር 21,000 ጋዝ ይወስዳል። መነሻውና ጉርሻው ተደምረው 20 ጊዌይ ቢሆኑ ዋጋው 0.00042 ኢተር ነው፤ ክፍያው ሲረክስ ከዚህም በጣም ያንሳል።

ባለሙያዋ ባልደረባዋን አሁንም መክፈል ከፈለገች ባዶ ዝውውር ማባከን አያስፈልጋትም፤ ያንኑ 0.05 ኢተር በ42 በበቂ ክፍያ ትልከዋለች። ልታደርገው የማይገባት ነገር «ያኛው ጠፍቷል» ብላ በአዲስ ቁጥር፣ በ45፣ ደግሞ መላክ ነው። ሰው ሁለት ጊዜ የሚከፍለው እንዲህ ነው። ከመጠባበቂያው የተራገፈ ትእዛዝ አልተሰረዘም፤ ፊርማው እንዳለ ነው፣ የሆነ ኖድ ዘንድ ቅጂው ተርፎ ሊሆን ይችላል፣ ዋሌቱ ራሱም እንደገና ይልከው ይሆናል። 42 ክፍት እስከሆነ ድረስ ያ ትእዛዝ በማንኛውም ቀን ሊፈጸም ይችላል። ክፍያው የረከሰ እሑድ ጠዋት ላይ የመጀመሪያው 0.05 ይገባል፣ ሰልፉ ሲከፈት ሁለተኛውም ይከተላል። ለተቀባዩ ሠርግና ምላሽ ነው። ትእዛዝ በእርግጥ ሞተ የሚባለው በእርሱ ቁጥር ሌላ ትእዛዝ ብሎክ ውስጥ ሲገባ ብቻ ነው።

በዚህ ረገድ ሜታማስክ ውስጥ ያለው የእንቅስቃሴ ታሪክን የማጽዳት ቁልፍ ብዙ ሰው ያሳስታል። ቁልፉ የሚያጠፋው የዋሌቱን ማስታወሻ እንጂ ኔትወርኩ ላይ ያለውን አይደለም። ጥቅም አለው፤ በተለይ በኮምፒውተራቸው ላይ የሙከራ ሰንሰለት የሚያስነሱና የሚያጠፉ ገንቢዎች ዋሌታቸው የድሮውን ቆጠራ ይዞ `nonce too high` ሲሉት ያድናቸዋል። ለተንጠለጠለ እውነተኛ ትእዛዝ ግን ማስረጃውን ከራስ ዓይን መሰወር ነው። ከማጽዳት በፊት የየትእዛዙን ቁጥርና ሀሽ ወረቀት ላይ መጻፍ ይገባል።

ሙከራው ሲደረግ `nonce too low` የሚል መልስ ቢመጣ መደናገጥ አያስፈልግም። ትርጉሙ 42 አስቀድሞ ገብቷል ነው፤ መሰረዣው መንገድ ላይ ሳለ ዋናው ቀድሞት ይሆናል። መተካት ሽቅድምድም ነው፣ ማንም ዋስትና አይሰጥም፤ ብሎክ ውስጥ የገባን ትእዛዝ ደግሞ የሚመልሰው የለም። ኢተርስካን ላይ የቀደመው ትእዛዝ ሲፈለግ `Dropped & Replaced` ካለ ግን መተኪያው አሸንፏል። በዚህ ጊዜ ሀሹ ስለሚቀየር ክፍያ የሚጠብቅ ሰው ወይም የመገበያያ ድርጅት ካለ አዲሱን ሀሽ መስጠት ያስፈልጋል፤ አሮጌውን ይዘው ቢፈልጉ አያገኙትም።

ፕሮግራም ለሚጽፉት ችግሩ የሚፈታው ከመላክ በፊት ነው። ከአንድ ሂሳብ የሚወጣውን ቁጥር የሚያድል አንድ ቦታ ብቻ ይኑር፤ ሁለት ፕሮግራሞች ለየብቻ ቁጥር አይጠይቁ። ኖዱ ትእዛዙን መቀበሉን ሳያረጋግጡ ወደ ቀጣዩ ቁጥር አለማለፍ ያስፈልጋል። የብዙ ሰው ክፍያ የሚያስተናግድ ሥርዓት ከሆነም ሥራውን በብዙ ሂሳቦች መከፋፈል ይሻላል፤ አንዱ ሂሳብ ቢቆለፍ ሌሎቹ ይሠራሉ።

የተንጠለጠለ ትእዛዝ ይዞ በቴሌግራም ቡድኖች ውስጥ እርዳታ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ ወዲያው በውስጥ መስመር «እኛ እናስለቅቅልሃለን» የሚሉ ሰዎች ይመጡበታል። ዋሌቱን «ከሥርዓቱ ጋር ለማዛመድ» 12ቱን ወይም 24ቱን የምስጢር ቃላት አንድ ገጽ ላይ እንዲጽፍ ይጠይቁታል። ክፍተት ለመዝጋት የሚያስፈልገው የጎደለው ቁጥር፣ ጥቂት ኢተርና የባለቤቱ ፊርማ ነው። እነዚያን ቃላት የሚጠይቅ ማንም ሰው የመጣው ለስርቆት ነውና አይሰጠው።